ማርታና ኤልያስ እውነቱን ሁሉ ቢነጋገሩ ታሪኬ ያልቃል፤ ምን ላድርግ?

የማታ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ረቂቅ ልቦለዴ ምዕራፍ 17 ላይ ተሰብሮብኛል፤ ብቻዬን ልጠግነው አልቻልኩም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ማርታና ኤልያስ በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የስትራክቸር መሐንዲሶች ናቸው። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የክፍሉ ኃላፊ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ፤ ቦታው ከሁለቱ ለአንዱ ነው። ይፎካከራሉ፣ ይከባበራሉ፣ ሳያስቡት ይዋደዳሉ። ፍቅሩ ቀስ ብሎ እንዲቀጣጠል ነው የምፈልገው። መጽሐፉ 31 ምዕራፍ አለው፤ እጅ ለእጅ የሚያያዙት 27ኛው ላይ ነው።

ምዕራፍ 17 ላይ ማርታ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ስታልፍ ኤልያስ «የማርታ ስሌት አይታመንም...» ሲል ትሰማለች። እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ሙሉው ንግግር «የማርታ ስሌት አይታመንም ካላችሁ የእኔም ፊርማ አይታመንም» ነበር። እሷ ማሰሪያው ሳይመጣ ሄዳለች። ከዚያ ዘጠኝ ምዕራፍ ሙሉ አታናግረውም።

ረቂቁን የሰጠኋት ጓደኛዬ ምዕራፍ 19 ላይ አቆመች። «ለምን አትጠይቀውም?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። መልስ አጣሁ። ማርታ በባህርይዋ የምትጠይቅ ሴት ናት፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እንዲያ ነው የሣልኳት። እንዳትጠይቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ፣ መጽሐፉ ቶሎ እንዳያልቅብኝ።

ትዕይንቱን አውጥቼ ልጣለው ብል ደግሞ የሚያራርቃቸው ነገር አይኖርም። ሁለቱም አላገቡም። ማንም አይቃወማቸውም። ፉክክሩ ብቻውን እስከ ምዕራፍ 27 አያደርሰኝም። ምን ይሻላል?

ብርሃኑ ዘ

ቀላል ነው እህቴ። ድርጅቱ የሥራ ባልደረቦች በፍቅር እንዳይቀራረቡ የሚከለክል ደንብ ይኑረው። የጣሰ ይባረራል። አለቀ። እንቅፋቱ ከውጭ ስለሚመጣ ማንም ገጸ ባህርይ ሞኝ መምሰል የለበትም። የተሳሳተ መረዳትን ደግሞ ከመጽሐፍሽ ጠራርገሽ አውጪው፤ በፍቅር ታሪክ ውስጥ አንድም ቦታ ሊኖረው አይገባም።

አርታዒ ነበርኩ

ብርሃኑ ግማሹን አግኝቶታል፤ እንቅፋቱ የገጸ ባህርይ ሞኝነት መሆን የለበትም። ደንብ ብቻውን ግን ግድግዳ ነው፣ አንባቢ ደግሞ ግድግዳ ሲያይ በሩን ይፈልጋል። እዚህ ላይ በሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ አንዱ ክፍል ይቀይራል ወይም ሥራ ይለቃል። አንባቢው ይህን ምዕራፍ 5 ላይ ካሰበው 22 ምዕራፍ ሙሉ «መቼ ነው የሚለቀው?» እያለ ነው የሚቆጥረው። ደንብ የሚሠራው ሁለቱ ራሳቸው ከደንቡ ጀርባ ባለው ምክንያት ሲያምኑ ነው። ደንቡ ባይጻፍም ኖሮ ራሳቸው ይጽፉት ነበር የሚያሰኝ መሆን አለበት።

የብዙ ሰው ረቂቅ በእጄ አልፏል፤ ሁልጊዜ የማደርገው ሙከራ አንድ ነው። በታሪኩ መሀል ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ታስቀምጫቸዋለሽ። በሩ ይዘጋል። የሚያውቁትን፣ የሚሰማቸውን፣ የፈሩትን ሁሉ ለአሥር ደቂቃ ሳይደባበቁ ይነጋገራሉ። ሲወጡ ችግሩ ተፈትቶ ከሆነ፣ ቀድሞውንም ችግር አልነበረም። ሲወጡ ችግሩ እንደነበረ ከሆነ ደህና ነው። ብሶባቸው ከወጡ ግን መጽሐፍ አለሽ።

ያንቺን ምዕራፍ 17 በዚህ ብንፈትነው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «እንዲህ ብለሃል?» «አይ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።» አበቃ። ጓደኛሽ ያየችው ይህንን ነው።

ለመርዳት ግን አንድ ነገር ልወቅ። ማርታና ኤልያስ በየቀኑ ምን ይሠራሉ? «መሐንዲስ» ማለትሽን አይቻለሁ፤ እኔ የምጠይቀው የአንዱ ሥራ የሌላውን በምን በኩል እንደሚነካ ነው። የሥራ ቦታ ፍቅር እንቅፋቱን ከሥራው ካላገኘ፣ ሥራው የመድረክ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የማታ ጸሐፊ

ማርታ የ12 ፎቅ ሕንጻ ስትራክቸር ትነድፋለች። ኤልያስ የእሷን ዲዛይን ቼክ ያደርጋል። ሕንጻው ቢም የሌለው ነው፤ ሶሌታው በቀጥታ ኮለኖቹ ላይ ያርፋል። በረቂቁ ውስጥ ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ነው ያለፍኩት፣ አንባቢ እንዳይሰለች ብዬ።

ፌሮና ብዕር

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ መጻፍ የምወደው ማታ ማታ ነው። እህቴ፣ የፈለግሽው እንቅፋት በእነዚያ ሁለት ገጾች ውስጥ ተቀምጧል!

ቼክ ማድረግ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። በጥብቅ በሚሠራበት ቦታ ቼክ አድራጊው የነዳፊዋን ስሌት አያይም። ሥዕሉንና ሕንጻው የሚሸከመውን ጭነት ብቻ ይወስድና ከዜሮ ተነስቶ በራሱ መንገድ ያሰላል። የእሷን ስሌት ቀድሞ ካየ ሐሳቧን ተከትሎ ይሄዳል፣ እሷ የሳተችውን እሱም ይስታል። ዋጋው ያለው አለመስማማት በመቻሉ ላይ ነው። ሲጨርስ ያገኘውን በአስተያየት ቅጽ ላይ ይጽፋል። ቅጹ ቁጥር አለው፣ አስተያየት አለው፣ የነዳፊዋ መልስ አለው፣ መጨረሻ ላይ «ክፍት» ወይም «ተዘግቷል» የሚል አለው። የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። እስኪዘጋው ድረስ እሷ ምንም ማድረግ አትችልም።

አሁን ይህ ሰው ይወዳታል እንበል። ማንም ባይከለክለው፣ ድርጅቱ ምንም ደንብ ባይኖረው፣ ስሌቷ ትክክል ሆኖ እንዲገኝ የሚመኝ ሰው ቼክ ማድረግ አይችልም። በሕንጻው ውስጥ ነገ ሰው ይኖርበታል። ይህን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።

ሌላም ልጨምር። ቢም የሌለው ሶሌታ ላይ የሚያስፈራን ፓንቺንግ ነው፤ ኮለኑ ሶሌታውን በስቶ ሲያልፍ ማለት ነው። ሶሌታ በመጉበጥ ሲጎዳ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ይረግባል፣ ሰው ያየዋል። ፓንቺንግ ግን ከነአካቴው ሳያስጠነቅቅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «እሷ ጎበዝ ናት፣ አስባበታለች» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ኤልያስ ሊራራላት የማይችልበት ቦታ ከፈለግሽ ይኸው።

ሰናይት መ

እህቴ ማታ ጸሐፊ፣ ጽሑፍሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክሽ ተጠንቀቂ። እኔም በሥራ ቦታዬ እንዳንቺ ሆኜ ነበር።

ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ተወዳደርን። ሌላ ሰው ሲያቀርብ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ነው፤ እኔ ሳቀርብ ግን ከባዱን ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። መጀመሪያ ጠላኝ ብዬ ነበር። ከጊዜ በኋላ ነው ጥያቄዎቹን ማታ ቤቱ እንደሚያዘጋጅ ያወቅኩት፤ ሥራዬን በሙሉ ካነበበ ሰው በቀር ሊጠይቃቸው የማይችል ጥያቄዎች ነበሩ። በዚያ ድርጅት ውስጥ ሥራዬን እንደሱ ያነበበልኝ ማንም አልነበረም።

ቦታውን እኔ አገኘሁት። እሱ ከልቡ ደስ አለው፣ አየሁት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ግምገማውን የምሞላው እኔ ሆንኩ። ከ5 ስንት ልስጠው? 5 ብሰጠው ሰው ምን ይላል? 4 ብሰጠው ለራሴ ምን ልበል? ሁሉን ነገር ተነጋገርን፤ ምንም የተደባበቅነው የለም። ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ከዚያም ስልኩ እየራቀ መጣ። ስለዚህ እህቴ፣ ቦታውን ከፈለግሽው ሰውየውን ቀድመሽ ተሰናበቺው፤ ሰውየውን ከፈለግሽው ከውድድሩ ውጪ።

የማታ ጸሐፊ

እትዬ ሰናይት፣ የጻፉት ልቤን ነካኝ። የጠየቅሁት ስለራሴ አይደለም፤ ማርታና ኤልያስ የምጽፈው ልቦለድ ሰዎች ናቸው። በደንብ ሳላስረዳ ቀርቼ ከሆነ ይቅርታ። ግን የግምገማው ነገር... ይህን በመጽሐፉ ውስጥ ብጠቀምበት ይፈቅዱልኛል? የእርስዎን ታሪክ አልወስድም፤ ያንን «ስንት ልስጠው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ።

ሰናይት መ

ውይ፣ ልቦለድ ነው እንዴ! ውሰጂው የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ክፉ ሰው አታድርጊው።

አርታዒ ነበርኩ

ወይዘሮ ሰናይት ጥያቄውን በሌላ መንገድ ቢረዱትም፣ እኔ በሦስት መልስ የማልደርስበትን ነገር ነው የሰጡን። ልብ በሉ፤ የፉክክሩ ሽልማት ራሱ እንቅፋት ነው። ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ ለፍቅራቸው ሁለት መጥፎ መልስ ብቻ አለው። ያሸነፈው የሌላው አለቃ ይሆናል። ይህን ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁታል፣ ሆኖም ሁለቱም ቦታውን ይፈልጉታል፣ መፈለጋቸውም ትክክል ነው።

እንግዲህ ማታ ጸሐፊ፣ አሁን በእጅሽ ያለው እንቅፋት እየሄደ መልኩን የሚቀይር ነው። መጀመሪያ ላይ ፉክክር ነው፤ ሁለት ጎበዝ ሰዎች፣ አንድ ወንበር። መሀል ላይ ቼክ ማድረጉ ነው፤ ፉክክሩ ወደ መከባበር ሲለወጥ መከባበሩ ራሱ አደጋ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ወንበሩ ነው። አንድ እንቅፋት 31 ምዕራፍ ሙሉ እንዳለ ከቆመ አንባቢ ይለምደዋል፤ ከለመደው ደግሞ አያስጨንቀውም። ፍቅሩ አንድ እርምጃ ሲሄድ እንቅፋቱም አብሮት መራመድ አለበት።

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ፤ ፌሮና ብዕር የነገረን ነገር ለዚህ ዓይነት ፍቅር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእሱ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ለሌላ ሰው ደረቅ ወረቀት ነው፣ ለእነሱ ግን ደብዳቤ ይሆናል። ከምዕራፍ 6 አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ሊገባ ይችላል፦

አስተያየት 14፦ በሐ-4 ኮለን ዙሪያ የሶሌታው የፓንቺንግ አቅም በቂ አይደለም። በድጋሚ ይታይ።
መልስ፦ ታይቷል። ለውጥ አያስፈልግም።
አስተያየት 14፣ ሁለተኛ ዙር፦ ከኮለኑ አጠገብ ለቧንቧ የተተወው ቀዳዳ በስሌቱ ገብቷል?
መልስ፦ አልገባም ነበር። ተስተካክሏል።

ፌሮና ብዕር፣ ይህ ይሆናል?

ፌሮና ብዕር

በሚገባ ይሆናል፤ እንዲያውም የታወቀ ስህተት ነው። ስትራክቸሩ ካለቀ በኋላ ከሌላ ክፍል ሥዕል ይመጣል፤ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ ኮለኑ ጥግ ላይ ተጨምሯል። ኮለኑን ዙሪያውን ከሚይዘው ሶሌታ ላይ ቀዳዳው የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። ነዳፊዋ ጎበዝ ብትሆንም አዲሱ ሥዕል ሳይደርሳት ሊያመልጣት ይችላል። ስለዚህ ማርታን ሰነፍ አያስመስላትም። ሰናይት ስለ ጥያቄዎቹ እንዳሉት ነው፤ ኤልያስ ይህን ያገኘው ሥዕሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ደራርቦ ስላየ ነው።

አርታዒ ነበርኩ

ጥሩ። እንግዲህ ኤልያስ ስህተቱን ባገኘባት ሌሊት ፊቱ ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። ቅጹ ላይ ቢጽፈው በውድድሩ እሱን ይጠቅማል፣ እሷን ይጎዳል፤ ኃላፊው ቅጹን ያያሉ። ቀስ ብሎ ጠርቶ በቃል ቢነግራትና ምንም ሳይመዘገብ ብታስተካክለው ደግሞ ደግነት ይመስላል። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሁለተኛውን ይመርጣል፣ «እነሆ ወደዳት» ለማለት። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ይጻፈው። ምክንያቱም ማርታ በኋላ ብታውቅ፣ የራራላትን ሰው ይቅር አትለውም። ለተፎካካሪ መራራት ከእኔ አታንሺም የሚለውን ነገር መንጠቅ ነው። ስለዚህ እሱ በጥቁር ቀለም ይጽፈዋል፣ እሷ «አልገባም ነበር» ብላ በግልጽ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ያን ቀን አንዱ ስለሌላው የማያውቁትን ነገር ያውቃሉ። አንባቢም ያውቃል። አንድም የፍቅር ቃል አልተነገረም።

ገጽ መቶ

አንድ ጥያቄ ላንሳ፤ በአማርኛ ስንጽፍ ይህ ነገር ትልቅ መሣሪያ ይመስለኛል። እንዴት ነው የሚጠራሩት? «እርስዎ» ተባብለው ይጀምሩና «አንተ» እና «አንቺ» ወደሚለው የሚሻገሩበትን ቀን ትልቅ ትዕይንት ብናደርገውስ?

ብርሃኑ ዘ

ግሩም ሐሳብ! ምዕራፍ 20 ላይ ይሁን።

ፌሮና ብዕር

እኔ ግን እኩያ ሆነው ስምንት ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች «እርስዎ» ሲባባሉ አይታየኝም። አንባቢ ቶሎ ይነቃል።

የማታ ጸሐፊ

ልክ ነው፤ በረቂቁ ከመጀመሪያው «አንተ» «አንቺ» ነው የሚባባሉት። ግን የገጽ መቶ ሐሳብ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ቅጹ ላይ ያለው አማርኛ ሰው የለበትም። «ይታይ»፣ «ይስተካከል»፣ «ታይቷል»፣ «ተስተካክሏል»። ማን ይየው? ማን አስተካከለው? ሁሉም እንደ ራሱ የሆነ ያስመስለዋል። ስምንት ዓመት በቃል «ማርታ፣ እስኪ ነይ» የሚላት ሰው በወረቀት ላይ ግን አንድም ቀን እሷን አድርጎ ጽፎላት አያውቅም። እንግዲህ አስተያየት 31 ላይ «ይታይ» ማለቱን ትቶ «እስኪ አንዴ እዪው» ብሎ ቢጽፍስ? ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እሷ ግን ያቺን ቃል ደጋግማ ታነባለች።

አርታዒ ነበርኩ

ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም ነበር። ያዢው። የኃላፊው ዓይንም እዚያ ቃል ላይ ይረፍ፤ ይህ ለኋላ ይጠቅምሻል። በጣም ስትናደድበት ደግሞ «እርስዎ» ትበለው። በእኩዮች መካከል «እርስዎ» ከመራቅ በላይ ነው።

ገጽ መቶ

እስማማለሁ፤ ከኔው ሐሳብ የተሻለ ነው። ግን ምዕራፍ 17ስ? በሩ ጋ የሰማችው ነገርስ ምን ይሁን? ተነስቷል ወይ?

ብርሃኑ ዘ

መነሳት አለበት። ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ በር ላይ ቆሞ መስማት ያረጀ ነገር ነው።

አርታዒ ነበርኩ

እኔ አላነሳውም። ብርሃኑ፣ ሰው በሕይወቱ ሌላውን በስህተት ይረዳል፤ ይህን ከልቦለድ ብንከለክል ውሸት ነው የምንጽፈው። ርካሽ የሚያደርገው ጸሐፊው ስህተቱ እንዳይታረም ገጸ ባህርይዋን አፏን ሲይዝ ነው። የእኛ ቋንቋ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ንግግር ተቆርጦ መሰማቱ የሚታመን ነው፤ ያ የማታ ጸሐፊ ብልሃት ጥሩ ነው። ያልጣመኝ ከበሩ መሄዷ ነው።

አትሂድ። በሩን ትክፈተው። በዚያው ደቂቃ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት፣ «ስሌቴ አይታመንም ያልከው እስኪ ድገመው» ትበል። ኤልያስም ሙሉውን ይናገር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሙሉው ንግግር ከግማሹ የባሰ ሊሆን ይችላል ወይ? እስኪ አስቡት፤ ኤልያስ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ሲከራከር ነበር?

ፌሮና ብዕር

አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ዲዛይኑ በሌላ የውጭ መሐንዲስ በድጋሚ ቼክ ይደረግ ብለዋል። የ12 ፎቅ ሕንጻ ነው፣ ቢም የለውም፣ ቀዳዳው አንዴ አምልጦ ነበር። ጤናማ ጥያቄ ነው። ኤልያስ ግን ተቃወመ፤ «የእሷ ካልታመነ የእኔም ፊርማ አይታመንም» ብሎ አስቀረው። ቼክ አድራጊ ሆኖ ሁለተኛ ቼክ መከልከል! እኔ በሥራዬ ይህን የሚያደርግ ባይ እደነግጣለሁ።

አርታዒ ነበርኩ

እንግዲህ ወደ አሥሩ ደቂቃ ሙከራ መልሱት። ማርታ እውነቱን በሙሉ አወቀች፤ ሲያማት አልነበረም፣ ሲሟገትላት ነበር። ከዚህ በኋላ ይቀላል ወይስ ይብሳል?

የማታ ጸሐፊ

ይብሳል። ዛሬ ሌሊቱን በሙሉ ስጽፍ ነበር፤ ይህንን ቁራጭ ልለጥፈው።

«ሁለተኛ ቼክ ይደረግ ሲሉ አይሆንም አልክ?» አለችው ኮሪደሩ ላይ።

«አያስፈልግም ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ።»

«ትክክል ከሆነ ሦስተኛ ሰው ቢያየው ምን ይጎዳኛል?»

ዝም አለ። የያዘውን ማስመሪያ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ኤልያስ። ሌላ ሰው የነደፈው ቢሆን ኖሮ ትቃወም ነበር?»

«አልቃወምም።»

«ታዲያ?»

«ካለፈው ወር ጀምሮ» አለ፤ ድምፁ የሥራ ድምፁ ነበር፣ ስህተት ሲያገኝ የሚናገርበት። «ያንቺን ስሌት ከኔው ጋር ሳመሳክር፣ ገና ውጤቱን ሳላይ፣ ትክክል እንዲሆን እየተመኘሁ ነው።»

ማርታ ግድግዳውን ተደገፈች። ስንት አስተያየት ነው ካለፈው ወር ወዲህ የዘጋው? በልቧ ቆጠረች። ዘጠኝ።

«እንግዲያው ዘጠኙንም ይክፈቷቸው» አለችው። «እርስዎ።»

ገጽ መቶ

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ትክክል እንዲሆን እየተመኘሁ ነው» የሚለው የፍቅር ቃል መሆኑ ቢሮ ውስጥ ለሠራ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ፌሮና ብዕር

ዘጠኙ ይከፈቱ ማለቷ ትክክል ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ዘጠኝ አስተያየት እንደገና ሲከፈት ሥራው ይዘገያል፣ ሌላ ሰው መመደብ አለበት፣ ምክንያቱ ይጠየቃል። ኤልያስ ምክንያቱን ከተናገረ ማርታ ላይ «ሥራዋ ያለፈው ስለወደዳት ነው» ይባላል። ካልተናገረ ይዋሻል። ያቺ «እዪው» የምትለው ቃልም ቅጹ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

አንድ ተጨማሪ ስጦታ ልስጥሽ። የታችኞቹ ፎቆች አርማታ በዚያ ጊዜ ተሞልቶ ይሁን። አርማታ ሲሞላ ናሙና በኩብ ይወሰዳል፤ በ7 ቀን አንዱ ይሰበራል፣ በ28 ቀን ደግሞ ዋናው። የ7 ቀኑ ውጤት ተስፋ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም። እነዚያን 21 ቀናት መሀል ላይ ምንም ሊያፋጥናቸው አይችልም። ሁለቱም ይጠብቃሉ። አንቺ ዝግ ያለ ፍቅር ትፈልጊ የለ? ይኸው ዝግ ያለ ነገር።

አደራ፣ የኩቡ ውጤት የአርማታውን ጥንካሬ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስሌቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን አይናገርም። ሁለቱን አታምታቺ፤ መሐንዲስ አንባቢ ይቆጣሻል።

ብርሃኑ ዘ

እሺ፣ ስለ በሩ ተሸነፍኩ። አንድ ነገር ላይ ግን አልለቅም። እጅ ለእጅ መያያዝ ምዕራፍ 27 በጣም ይዘገያል። ከዚህ ኮሪደር በኋላ አሥር ምዕራፍ ያለ ምንም መነካካት? አንባቢ ይሄዳል። 20 ላይ ይሁን።

አርታዒ ነበርኩ

እኔ የምቆጥረው ምዕራፍ አይደለም፤ ሊመለሱ የማይችሉ ነገሮችን ነው። በየትዕይንቱ አንድ ነገር ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ትናንት እንደነበሩት መሆን የማይችሉበት። «አልገባም ነበር» ብላ ማመኗ አንዱ ነው። «እዪው» አንዱ ነው። ኮሪደሩ ትልቁ ነው። ይህ ካለ አንባቢ እስከ 27 ይጠብቃል። እነዚህ ከሌሉ ግን 20 ላይ ቢሳሳሙም ምንም አልተፈጠረም። ረቂቅ ሲመጣልኝ እንዲህ ነው የማውቀው፤ አንድ ምዕራፍ አውጥቼ ቀጣዩን ሳነብ ምንም ካልጎደለኝ፣ ያ ምዕራፍ ፍቅሩን ሲያዘገይ ነበር እንጂ ሲያሳድገው አልነበረም።

ብርሃኑ ዘ

እኔ ግን አንባቢ ነኝ፤ አንባቢ ደግሞ ሥጋ ለባሽ ነው። 22።

ሰናይት መ

ልጆች፣ የኮሪደሩን አነበብኩት። ያኔ እኔም «እርስዎ» ብዬዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ግን ወንበሩስ? ማን ነው የሚያገኘው?

የማታ ጸሐፊ

እትዬ ሰናይት፣ ገና አላውቅም። ኤልያስ ከውድድሩ ይወጣል ብዬ ጽፌ ነበር፤ ትናንት ሰረዝኩት። ለእሷ ብሎ ከወጣ ማርታ ያገኘችው ወንበር በምሕረት የተሰጣት ይሆናል፤ አስተያየት 14 ላይ ያልራራላት ሰው እዚህ ላይ ቢራራ ራሱን ይክዳል። ማርታ ብትወጣም ያው ነው። ሁለቱንም ትቼ ከውጭ ሦስተኛ ሰው ባመጣ ደግሞ ከችግሩ ያመለጥኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ምንም አልወሰኑም።

ፌሮና ብዕር

ማርታ ታግኘው። ግምገማውን ሌላ ሰው እንዲሞላው በጽሑፍ ትጠይቅ። ሙያ ውስጥ እንዲህ ይደረጋል።

አርታዒ ነበርኩ

ይደረጋል፤ ግን ቀለል አይልም? ወይዘሮ ሰናይት ያሉት ቁጥር መሙላቱን ብቻ አይመስለኝም።

ሰናይት መ

አይደለም። ጥያቄ መጠየቁን አቆመ። አለቃ ከሆንኩ በኋላ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ከባድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

የማታ ጸሐፊ

ምዕራፍ 29ን ከዚህ ነው የምጀምረው። ማርታ በኃላፊነቷ የመጀመሪያውን ዲዛይን ታቀርባለች፣ ኤልያስ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል፣ «ጥያቄ ያለው?» ትላለች። እጁን ያነሳ እንደሆነ እስካሁን አልወሰንኩም።